ሃያ ሺህ ዶላሩ የት ገባ?

አንድ ሰው 10 ኢተርና 20,000 ዩኤስዲሲ አለው እንበል። ዩኤስዲሲ ዋጋው በአንድ የአሜሪካ ዶላር ላይ እንዲጸና ተደርጎ የተሠራ ቶከን ስለሆነ እዚህ እንደ ዶላር እንቁጠረው። የአንድ ኢተር ዋጋ 2,000 ዶላር በነበረበት ቀን ሰውየው ሁለቱንም ሊኩዊዲቲ ፑል በሚባል የጋራ ቋት ውስጥ አስገባ። ያስገባው በጠቅላላ 40,000 ዶላር ያወጣል። ከጊዜ በኋላ ኢተር አራት እጥፍ ተወደደና 8,000 ዶላር ገባ። ድርሻውን ሲያወጣ 80,000 ዶላር የሚያወጣ ንብረት እጁ ገባ፤ ገንዘቡ እጥፍ ሆኗል። ነገር ግን ያንኑ 10 ኢተርና 20,000 ዩኤስዲሲ የትም ሳያስገባ ይዞት ቢቆይ ኖሮ 100,000 ዶላር ይኖረው ነበር። ማንም አልሰረቀውም፣ ኮዱ አልተበላሸም፣ ፑሉም የተባለውን ሁሉ በትክክል ፈጽሟል። ታዲያ 20,000 ዶላሩ የት ገባ?

መልሱ ያለው ፑሉ ዋጋ በሚያወጣበት መንገድ ውስጥ ነው።

እንደ ባይናንስ ባሉት የተለመዱ የክሪፕቶ ገበያዎች ዋጋ የሚወጣው በትዕዛዝ መዝገብ ነው። አንዱ በዚህ ዋጋ እገዛለሁ፣ ሌላው በዚህ ዋጋ እሸጣለሁ ብሎ ያስመዘግባል፤ ሁለቱ ዋጋዎች ሲገናኙ ግብይቱ ይፈጸማል። መዝገቡ ባዶ እንዳይሆን በሁለቱም በኩል ዋጋ እየሰጡ የሚቀመጡ ነጋዴዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች የገበያው ነፋስ በዞረ ቁጥር የቀድሞውን ትዕዛዛቸውን ሰርዘው ሌላ ያስገባሉ፤ ይህን በቀን ብዙ ሺህ ጊዜ ያደርጉታል። ኢተሪየም ላይ ግን ትዕዛዝ ማስገባትም ሆነ መሰረዝ ኔትወርኩ ላይ የሚመዘገብ ሥራ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ጋዝ የሚባል ክፍያ ይጠየቃል፤ መዝገቡ ላይ እስኪሰፍርም ሰከንዶች ያልፋሉ። በዚህ ወጪና በዚህ ፍጥነት የትዕዛዝ መዝገብ ማስተዳደር አያዋጣም።

የኢተሪየም መሥራች ቪታሊክ ቡተሪን በኦክቶበር 2016 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ጽሑፍ ሌላ መንገድ ጠቆመ፤ ዋጋውን ሰው ሳይሆን አንድ የሂሳብ ቀመር ያውጣው የሚል ነበር። በ2017 ሲመንስ ውስጥ ከነበረው የሜካኒካል መሐንዲስነት ሥራ የተሰናበተው ሄይደን አዳምስ፣ ኢተሪየም ፋውንዴሽን ውስጥ በሚሠራ ጓደኛው ምክር ፕሮግራም መጻፍ እየተማረ ይህን ሐሳብ ወደ ሥራ ለወጠው። ዩኒስዋፕ ብሎ የሰየመውን ገበያ ኖቬምበር 2 ቀን 2018 ለሕዝብ ክፍት አደረገ። የዚህ ዓይነቱ ገበያ አውቶሜትድ ማርኬት ሜከር ይባላል፤ ዛሬ በርካታ ዓይነቶች ቢኖሩትም የመጀመሪያው የዩኒስዋፕ ቀመር ከሁሉም ቀላሉ ነው፣ ሌሎቹንም ለመረዳት መነሻ የሚሆነው እሱ ነው።

ቀመሩ ይህ ነው፦

```
x × y = k
```

x በፑሉ ውስጥ ያለው የአንደኛው ቶከን ብዛት፣ y የሁለተኛው ብዛት ነው። ሁለቱ ሲባዙ የሚገኘው k በግብይት ወቅት እንዳለ መቆየት አለበት። ሌላ ሕግ የለውም።

የሰውየውን ፑል እንውሰድ። እሱና ሌሎች ሰዎች በጋራ 100 ኢተርና 200,000 ዩኤስዲሲ አስገብተዋል፤ የእሱ ድርሻ አንድ አሥረኛ ነው። 100 በ200,000 ሲባዛ 20,000,000 ይሆናል። ዋጋው ደግሞ የሁለቱ ክምችቶች ንጽጽር ነው፤ 200,000 ለ100 ሲካፈል 2,000። አሁን አንድ ገዢ መጥቶ አንድ ኢተር ፈለገ። እሱ ከወሰደ በኋላ 99 ኢተር ይቀራል፤ ብዜቱ 20,000,000 እንዲሆን ዩኤስዲሲው ወደ 202,020 ማደግ አለበት። ስለዚህ ገዢው 2,020 ዶላር ይከፍላል። ለጊዜው የአገልግሎት ክፍያውን ወደ ጎን ትተነዋል፤ ቆይተን እንመለስበታለን።

ሌላው ገዢ 20 ኢተር በአንድ ጊዜ ቢፈልግ ነገሩ ይከብዳል። 80 ኢተር ስለሚቀር ዩኤስዲሲው 250,000 መሆን አለበት፤ ገዢው 50,000 ዶላር ከፈለ፣ ለአንዱ ኢተር በአማካይ 2,500 ማለት ነው። ከእሱ በኋላ የሚመጣው ሰው የሚያገኘው ዋጋ ደግሞ 250,000 ለ80 ሲካፈል 3,125 ሆኗል። ገዢው ራሱ ዋጋውን ወደ ላይ እየገፋ ነው የገዛው። ያው 20 ኢተር ሺህ እጥፍ ከሚበልጥ ፑል ቢገዛ ግን 40,008 ዶላር ብቻ ይበቃው ነበር። በፑሉ ውስጥ የተከማቸው ገንዘብ ብዛት ያን ያህል ለውጥ ያመጣል፤ ቶከን የሚያወጡ ድርጅቶች ሰዎች ገንዘባቸውን ወደ ፑል እንዲያስገቡ ያን ያህል የሚለምኑትም ለዚህ ነው።

በዚህ ቀመር ፑሉ ፈጽሞ ባዶ አይሆንም። ከ100ው ኢተር 99ኙን ልውሰድ ያለ ሰው 19,800,000 ዶላር መክፈል አለበት፤ የመጨረሻዋን ፍንጣሪ ለመውሰድ የሚበቃ ገንዘብ ደግሞ በዓለም ላይ የለም። ማንኛውም ሰው በማንኛውም ሰዓት መጥቶ መግዛትም መሸጥም ይችላል። የዚህ ፈጠራ ውበት እዚህ ላይ ነው፤ ችግሩም የሚነሣው ከዚሁ ነው።

ፑሉ ውጭ ያለውን ዓለም አያይም። የሚያውቀው ቋቱ ውስጥ ያሉትን ሁለት ቁጥሮች ብቻ ነው። መርካቶ ያለ የቡና ነጋዴ ዋጋ መናጋቱን ሲሰማ ስልክ ደውሎ ያጣራል፣ እስኪያረጋግጥም ዛሬ አልሸጥም ይላል። ፑሉ የሚደውልበት ስልክ የለውም፤ አልሸጥም ማለትም አይችልም። ታዲያ ዋጋው ከሌላው ገበያ ጋር እንዴት ተስማምቶ ይኖራል? የሚያስተካክሉት ከስህተቱ የሚያተርፉ ሰዎች ናቸው፤ ሥራቸው አርቢትራዥ ይባላል።

በውጭው ገበያ ኢተር በድንገት 2,420 ዶላር ገባ እንበል። ፑሉ ግን ገና 2,000 እያለ ይሸጣል። አርቢትራዥ ሠሪው ይህን በፕሮግራም እየተከታተለ ስለሚጠብቅ ወዲያው ከፑሉ መግዛት ይጀምራል። በገዛ ቁጥር የፑሉ ዋጋ ይወጣል፤ ልክ 2,420 ሲደርስ የሚያተርፈው ስለማይኖር ያቆማል። ሂሳቡን ስንሠራ በዚያን ጊዜ ፑሉ ውስጥ የሚገኘው 90.91 ኢተርና 220,000 ዩኤስዲሲ ነው። ሠሪው 20,000 ዶላር ከፍሎ 9.09 ኢተር ወሰደ፤ ያንን ውጭ ወስዶ በ2,420 ሲሸጠው 22,000 ዶላር አገኘ። ትርፉ 2,000 ዶላር።

አሁን ወደ ፑሉ ባለቤቶች እንዙር። ፑሉ ውስጥ የቀረው ንብረት በአዲሱ ዋጋ ሲተመን 440,000 ዶላር ነው። ምንም ሳያደርጉ 100 ኢተርና 200,000 ዩኤስዲሲያቸውን ይዘው ቢቀመጡ ኖሮ 442,000 ዶላር ይኖራቸው ነበር። ልዩነቱ 2,000 ዶላር ነው፤ አርቢትራዥ ሠሪው ኪሱ ያስገባው ያው 2,000 ዶላር። ኢምፐርማነንት ሎስ የሚባለው ይህ ነው፦ ንብረቱን ወደ ፑል ከማስገባትና ይዞ ከመቀመጥ መካከል የሚፈጠረው ልዩነት። አንድ ሰው ከሀብቱ ላይ በቀጥታ የሚጎድልበት አይደለም፤ ዋጋው ከወጣ ሀብቱ አድጎ ሊሆን ይችላል። ሊያድግ ከሚገባው ያነሰ ነው ያደገው። ፑሉ እየተወደደ ያለውን ነገር ገና በርካሽ ዋጋ እየሸጠ፣ እየረከሰ ያለውን ገና በውድ ዋጋ እየገዛ ስለሚሄድ ነው።

በአንድ ዝላይ ፋንታ ዋጋው ቀስ በቀስ ወደ 8,000 ሲወጣ ይኸው ነገር እየተደጋገመ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ፑሉ ውስጥ 50 ኢተርና 400,000 ዩኤስዲሲ ይገኛል፤ ብዜቱ ያው 20,000,000፣ ዋጋው ደግሞ 8,000። አንድ አሥረኛ ያለው ሰው 5 ኢተርና 40,000 ዩኤስዲሲ ይወስዳል። አሥር ኢተር አስገብቶ አምስት ኢተር ነው ያወጣው። አምስቱን ፑሉ እየሸጠለት ሄዷል፤ ግን በ8,000 ሳይሆን ከ2,000 ጀምሮ በየደረጃው፣ በአማካይ በ4,000 ዶላር። በእያንዳንዱ ኢተር 4,000 ዶላር ሲጎድልበት አምስቱ ላይ 20,000 ይሆናል። ያ ገንዘብ በየደረጃው ከፑሉ በርካሽ እየገዙ ወደ ላይ በወሰዱት ሰዎች እጅ ነው የገባው።

ዋጋው ቢወርድም መድረሻው አይለይም። ኢተር ወደ 500 ዶላር ቢወርድ ፑሉ ውስጥ 200 ኢተርና 100,000 ዩኤስዲሲ ይኖራል፣ ጠቅላላው 200,000 ዶላር። ይዞ የተቀመጠ ሰው ግን 250,000 ይኖረው ነበር። አራት እጥፍ መውጣትም ሆነ ወደ ሩብ መውረድ እኩል 20 በመቶ ያስቀራል። ትናንሽ ለውጦች ብዙ አይጎዱም፤ ዋጋው በአንድ ተኩል ሲባዛ የሚጎድለው 2 በመቶ ገደማ፣ እጥፍ ሲሆን 5.7 በመቶ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ጉዳቱ ይሰፋል፤ ዘጠኝ እጥፍ ሲሆን 40 በመቶ ይደርሳል።

ከሁሉ የሚከፋው አንደኛው ቶከን ጨርሶ ሲሞት ነው። በሜይ 2022 መጀመሪያ 80 ዶላር ገደማ የነበረው ሉና የተባለው ቶከን በወሩ ሁለተኛ ሳምንት ማብቂያ ከአንድ ሳንቲም በታች ወርዶ ነበር። በእኛ ፑል ውስጥ ከዩኤስዲሲ ጋር የተጣመረው እንዲህ ያለ ቶከን ቢሆንና ዋጋው ወደ አሥር ሺህኛው ቢወርድ፣ ሁሉም የያዘውን እያመጣ ፑሉ ላይ ይጥላል። ፑሉ እምቢ አያውቅም። መጨረሻ ላይ ቋቱ ውስጥ 10,000 የሞተ ቶከንና 2,000 ዩኤስዲሲ ይቀራል። ቶከኑን በቤቱ ይዞ የነበረ ሰው ቶከኑን ቢያጣም ከጎኑ ያስቀመጠው 200,000 ዩኤስዲሲ አይነካበትም ነበር፤ ፑል ያስገባው ግን ጤነኛውንም ንብረት በበሽተኛው ለውጦ ጨረሰው። በቴሌግራም ላይ ትናንት ለተፈጠረ ቶከን በዓመት ብዙ መቶ ፐርሰንት የሚከፍል ፑል ሲታወጅ መጀመሪያ መታየት ያለበት ይህ ነው። የሚከፈለው ፐርሰንት ያን ያህል የበዛው አደጋው ያን ያህል ስለሆነ ነው።

ታዲያ ገንዘቡን የሚያስገባ ሰው ለምን ይኖራል? ለአገልግሎት ክፍያው። ዩኒስዋፕ በመጀመሪያዎቹ ሁለት እትሞቹ ከእያንዳንዱ ግብይት 0.3 በመቶ ይወስድና ለፑሉ ባለቤቶች እንደየድርሻቸው ያከፋፍል ነበር። ክፍያው ይህን ኪሳራ ይሸፍናል ወይ የሚለው ጥያቄ በቁጥር የሚመለስ ነው። በእኛ ምሳሌ ዋጋው አራት እጥፍ ሲሆን ሁሉም ባለቤቶች በጋራ 200,000 ዶላር አጥተዋል። ይህን በ0.3 በመቶ ክፍያ ለመመለስ በፑሉ በኩል ወደ 66.7 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ግብይት ማለፍ አለበት። ጉዞው አንድ ዓመት ቢፈጅ በየቀኑ 183,000 ዶላር ገደማ ይሆናል፤ በ400,000 ዶላር ለተጀመረ ፑል ይህ ብዙ ነው፣ የማይቻል ግን አይደለም። ብዙ ሰው የሚለዋወጥበትና ዋጋው ብዙም የማይርቅ ጥንድ ባለቤቱን ሊያበላ ይችላል። ግብይቱ ቀዝቃዛ ሆኖ ዋጋው የሚንር ወይም የሚወድቅ ጥንድ ግን ይበላዋል።

ኪሳራው ጊዜያዊ የተባለበት ምክንያት ዋጋው ወደ መነሻው ከተመለሰ ልዩነቱ ስለሚጠፋ ነው። ኢተር ከ8,000 እንደገና ወደ 2,000 ቢመለስ ፑሉ ውስጥ መልሶ 100 ኢተርና 200,000 ዩኤስዲሲ ይገኛል። በማርች 2023 ይህ በተጨባጭ ታይቷል። ዩኤስዲሲን የሚያወጣው ሰርክል ከመጠባበቂያው 3.3 ቢሊዮን ዶላር ያስቀመጠበት ሲሊከን ቫሊ ባንክ አርብ ማርች 10 ሲዘጋ፣ ዩኤስዲሲ በማግስቱ ቅዳሜ ከ90 ሳንቲም በታች ወረደ። ዩኤስዲሲን ከሌሎች የዶላር ቶከኖች ጋር ያጣመሩ ፑሎች በዩኤስዲሲ ተሞሉ፤ ሌላውን ሰዎች ወስደውት ነበር። ቅዳሜ ደንግጦ ድርሻውን ያወጣ ሰው በዋናነት የደረሰው የወረደው ቶከን ነው፤ በዚያው ዋጋ ከሸጠው ኪሳራውን አጸደቀው። እሑድ የአሜሪካ መንግሥት የባንኩ አስቀማጮች ገንዘብ ሙሉ በሙሉ እንደሚመለስ ካስታወቀ በኋላ ዋጋው ወደ አንድ ዶላር ስለተጠጋ፣ እስከ ሰኞ የቆየው ሰው ንብረቱን እንደነበረ አገኘው፤ በዚያ ሁሉ ትርምስ መካከል የተሰበሰበው ክፍያም ተጨማሪ ሆነለት።

ነገር ግን ዋጋው ተመለሰ ማለት ምንም አልጎደለም ማለት ነው ብሎ ለመደምደም አያስደፍርም። ወደ 2,420ው ምሳሌ እንመለስና ኢተር መልሶ 2,000 ገባ እንበል። አርቢትራዥ ሠሪው አሁን በተቃራኒው ይሠራል። ውጭ 9.09 ኢተር በ18,182 ዶላር ይገዛና ፑሉ ላይ ሲሸጠው 20,000 ዶላር ይቀበላል፤ 1,818 ዶላር አተረፈ። በመሄድና በመመለስ በጠቅላላ 3,818 ዶላር ኪሱ ገባ። የፑሉ ባለቤቶች ሂሳብ ዜሮ ነው ይላል፤ ኢተራቸውም ዶላራቸውም ተመልሷል። ሆኖም በእነሱ ገንዘብ የተደረገው ግዢና ሽያጭ በትክክለኛው የገበያ ዋጋ ቢሆን ኖሮ፣ ማለትም ያው 9.09 ኢተር በ2,420 ተሸጦ በ2,000 መልሶ ቢገዛ ኖሮ፣ 3,818 ዶላሩ የእነሱ ነበር። በ2022 ጄሰን ሚሊዮኒስ፣ ሲያማክ ሞአለሚ፣ ቲም ራፍጋርደንና አንቶኒ ሊ ዣንግ ባወጡት ጥናት ይህን ልዩነት የሚለካበት ስሌት አቅርበዋል። የእነሱ መለኪያ ዋጋው ወደ መነሻው ሲመለስ አይሰረዝም፤ ዋጋው በተወዛወዘ ቁጥር እየተደመረ ይሄዳል። እኔ ይህንን መለኪያ የበለጠ እውነተኛ ሆኖ አገኘዋለሁ፣ ምክንያቱም ፑሉ ዋጋ በተማረ ቁጥር የሚከፍለውን ሁሉ ይቆጥራል።

ዩኒስዋፕ በሜይ 2021 ያወጣው ሦስተኛ እትም ለገንዘብ አስገቢው ምርጫ ሰጠ። ገንዘቡን በሁሉም ዋጋ ላይ ከመበተን ፋንታ ለምሳሌ ከ1,500 እስከ 2,500 ዶላር ባለው ክልል ውስጥ ብቻ እንዲሠራ ማድረግ ይችላል። በክልሉ ውስጥ ገንዘቡ ብዙ እጥፍ እንደሆነ ያህል ይሠራል፣ ክፍያውም በዚያው ልክ ይጨምራል። ኪሳራውም እንዲሁ። ዋጋው 2,500ን ካለፈ ኢተሩ በሙሉ ተሸጦ ዩኤስዲሲ ብቻ ይቀራል፤ ከ1,500 በታች ከወረደ ደግሞ ያለው ሁሉ ኢተር ይሆናል፤ በሁለቱም ሁኔታ ክፍያው ይቆማል። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ የወጣ ጥናት በመረመራቸው ፑሎች ውስጥ ገንዘባቸውን ካስገቡት ግማሽ ያህሉ ይዘው ቢቀመጡ ይሻላቸው እንደነበር አመልክቷል። ጥናቱ የተሠራው ከዩኒስዋፕ ተፎካካሪ ከባንኮር ጋር በመተባበር እንደሆነ ማስታወስ ይገባል። ባንኮር ራሱ ደንበኞቹን ከዚህ ኪሳራ እጠብቃለሁ ብሎ ዋስትና ይሰጥ ነበር፤ በጁን 2022 ገበያው ሲናድ ግን ዋስትናውን አቆመው። ኪሳራው ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ሊዛወር ይችላል እንጂ በቃል ኪዳን አይጠፋም።

ገንዘቡን ያስገባ ሰው ያለበትን ሁኔታ ማወቅ ከፈለገ፣ በብዙ ድረ ገጾች ላይ ጎልቶ የሚታየው ዓመታዊ ፐርሰንት ብቻውን አይበቃውም፤ ያ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የተሰበሰበውን ክፍያ እንጂ የጎደለውን አያሳይም። ባስገባበት ቀን የነበረውን የሁለቱን ቶከን ብዛትና ዋጋ መጻፍ አለበት። ከዚያ ዛሬ ያለውን ዋጋ ለያኔው ዋጋ ሲያካፍል የሚያገኘው ቁጥር r ይሆናል፤ ክልል ሳይወሰን ለተቀመጠ ገንዘብ ክፍያው ሳይታሰብ የሚጎድለው እንዲህ ይሰላል፦

```
2√r / (1 + r) − 1
```

ዋጋው ከ2,000 ወደ 3,000 ከወጣ r 1.5 ነው፤ ውጤቱም 2 በመቶ ገደማ ጉድለት ነው። ይህን ያህል ጊዜ የተሰበሰበው ክፍያ ይዞ ቢቀመጥ ከሚኖረው ንብረት 3 በመቶ ከሆነ አንድ በመቶ ያህል ተርፎታል፤ ከዚያ ላይ ለማስገባትና ለማውጣት የከፈለውን ጋዝ ይቀንሳል። የተሰበሰበው 1 በመቶ ብቻ ከሆነ ግን ፑሉ ውስጥ የቆየበት ጊዜ አስከፍሎታል፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው የዶላር ድምር ካስገባው በልጦ ቢታይም እንኳ።